የፕሪፎርም አቅራቢውን ውል ያቋረጥንበት ደብዳቤ፡ ከመጀመሪያው መዘግየት እስከ ባንክ ዋስትናው

ጉዳዩ በአንድ የታሸገ ውሃ ፋብሪካና ፕሪፎርም በሚያቀርብለት ድርጅት መካከል ያለቀ ጉዳይ ነው። የሁለቱንም ስም አልጠራም፣ ቁጥሮቹንም ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ፣ ቫትም አልጨመርኩበትም፣ የነገሩ አካሄድ ግን እንዳለ ነው። ፕሪፎርም ለማያውቅ ሰው፡ የላብራቶሪ ቱቦ የምትመስል ወፍራም ፕላስቲክ ነች፣ ማሽኑ አሙቆ አየር ሲነፋባት ጠርሙስ ትሆናለች። እሷ ከሌለች ውሃው ቢኖር፣ ክዳኑ ቢኖር፣ ሌብሉ ቢኖር መስመሩ ይቆማል።

ውሉ መጋቢት 10 ቀን 2016 ነው የተፈረመው። አቅራቢው ለ12 ወር በየወሩ በ5 እና በ20 ለግማሽ ሊትር ጠርሙስ የሚሆን 600 ሺህ ፕሪፎርም በፋብሪካው መጋዘን ያስረክባል፣ የአንዱ ዋጋ 2 ብር፣ የአንድ ዙር ዋጋ 1.2 ሚሊዮን ብር፣ የ24ቱ ዙር ድምር 28.8 ሚሊዮን ብር። ገዢው 20 በመቶ ቅድመ ክፍያ ከፍሏል፣ እሱም 5.76 ሚሊዮን ብር ነው፣ ከእያንዳንዱ ዙር ክፍያ ላይ 240 ሺህ እየተቀነሰ የሚመለስ። ለቅድመ ክፍያው አንድ የባንክ ዋስትና፣ ለውል ማስከበሪያ ደግሞ የውሉን 10 በመቶ የሚሆን ሌላ የባንክ ዋስትና ተይዟል። የመዘግየት መቀጫው ባልቀረበው ዕቃ ዋጋ ላይ በቀን 0.1 በመቶ ሆኖ ጣሪያው 10 በመቶ ነው።

እዚህ ጋ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በቀን 0.1 በመቶ ከሆነ ጣሪያው ላይ ለመድረስ 100 ቀን ይፈጃል። ውላቸው ላይ "መቀጫው 10 በመቶ ሲሞላ ገዢው ውሉን ማቋረጥ ይችላል" የሚል ብቻ የጻፉ ድርጅቶች አቅራቢው ሦስት ወር እያዘገየባቸው ቁጭ ብለው ቀን ይቆጥራሉ፣ ይሄ አንቀጽ ለሕንፃ ሥራ ሊሆን ይችላል እንጂ በየሁለት ሳምንቱ ለሚያልቅ ጥሬ ዕቃ አይሆንም። ደግነቱ የዚህን ውል ረቂቅ ያዘጋጀው የሕግ ባለሙያ ሁለተኛ በር ከፍቶ ነበር፡ ሁለት ተከታታይ ዙሮች እያንዳንዳቸው ከ20 ቀን በላይ ከዘገዩ፣ ገዢው በጽሑፍ 15 ቀን ሰጥቶ ያስጠነቅቃል፣ በዚያ ውስጥ ካልተስተካከለ በደብዳቤ ውሉን ያቋርጣል። ጉዳዩ በሙሉ የቆመው በዚች አንቀጽ ላይ ነው።

የሚያዝያ፣ የግንቦትና የሰኔ ስድስት ዙሮች በሰዓታቸው ገቡ። የሐምሌ 5ቱ ሐምሌ 11 ገባ፣ ስድስት ቀን ዘገየ። የሐምሌ 20ው ነሐሴ 4 ገባ፣ 14 ቀን ዘገየ። የነሐሴ 5ቱ እሁድ ላይ ስለዋለ በውሉ መሠረት ወደ ነሐሴ 6 ተሸጋገረ፣ እሱም ግማሹ ብቻ፣ 300 ሺህው፣ ጳጉሜን 2 ነው የመጣው። የነሐሴ 20ው ጭራሽ አልመጣም። የውል ክትትሉን እኔ የተረከብኩት በዚህ ጊዜ ነው፣ ፋይሉን ስከፍት ያገኘሁት ሦስት የዕቃ ገቢ ደረሰኝ፣ ከአቅራቢው የሽያጭ ሰራተኛ ጋር የተደረገ ረጅም የቴሌግራም ምልልስ፣ እና አንድም ቁጥር ያለው ደብዳቤ የለም።

ገቢ ደረሰኞቹ ላይ ስቶር ኪፐሩ "በትክክል ተረክቤያለሁ" ብሎ ፈርሟል። እሱ የሚያውቀው ብዛቱንና ጥራቱን ነው፣ ቀኑን እንዲጽፍበት ማንም አልነገረውም። ግን ዘግይቶ የመጣን ዕቃ ያለ አንዳች ቃል ፈርሞ መቀበል በኋላ "መዘግየቱን ተቀብላችሁታል" የሚል ክርክር ይወልዳል። ቴሌግራሙ ደግሞ ይብሳል። ነሐሴ 28 የሽያጭ ሰራተኛው "ወንድሜ ሙት ሐሙስ ይደርሳል፣ ሪዚኑ ጉምሩክ ወጥቷል" ይላል፣ ሪዚን ፕሪፎርም የሚሠራበት የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ነው፣ የኛ የግዥ ሰራተኛ "እሺ በቃ እንጠብቃለን" ብሎ ይመልሳል። ይቺ "እሺ እንጠብቃለን" የምትለዋ በኋላ በአቅራቢው ጠበቃ መልስ ላይ "ገዢው የጊዜ ማራዘሚያ ሰጥቶናል" ሆና ተመለሰች። ያዳነን ውሉ ውስጥ ያለው "ማሻሻያ በሁለቱም ወገን ሥራ አስኪያጆች በጽሑፍ ካልተፈረመ አይጸናም" የሚለው አንቀጽ ነው። እሱ ባይኖር ኖሮ ከባድ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስብሰባ ስንቀመጥ የሁሉም ሰው ሐሳብ አንድ ነበር፣ ዛሬውኑ ይቋረጥ። የማርኬቲንግ ኃላፊዋ ኤጀንቶች ሌላ ውሃ መጫን እንደጀመሩ ተናገረች፣ እውነቷን ነው። ነገር ግን ዛሬውኑ የሚለው በሕጉም በውሉም አይሄድም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1772 አንድ ወገን ሌላኛው ውሉን አልፈጸመም ብሎ ከመከራከሩ በፊት ግዴታህን ፈጽም የሚል ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት ይላል። ቁጥር 1774 ደግሞ ማስጠንቀቂያ ሰጪው ቀነ ገደብ ሊያስቀምጥ እንደሚችል፣ ከዚያ ቀን በኋላ ዕቃውን አልቀበልም ሊል እንደሚችል፣ ጊዜው ግን እንደ ነገሩ ሁኔታ ተገቢ መሆን እንዳለበት ይናገራል። ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸው ሁኔታዎች በ1775 አሉ፣ ለምሳሌ ቀኑ ካለፈ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም ተብሎ በውል ከተስማሙ፣ ወይም ባለዕዳው አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ ካሳወቀ። የኛ ውል ግን ራሱ ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል፣ አቅራቢውም አልፈጽምም ብሎ አያውቅም፣ ሁሌም "ሐሙስ" ነው የሚለው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን ዘሎ የማቋረጫ ደብዳቤ መላክ ማለት ውሉን ያፈረስነው እኛ ሆነን እንድንገኝ በር መክፈት ነው።

ማስጠንቀቂያው መስከረም 6 ቀን 2017 ወጣ። ቀኑ በአጋጣሚ አልተመረጠም። የነሐሴ 20ው ዙር ከ20 ቀን በላይ መዘግየት አለበት፣ ቆጠራውም እንዲህ ነው፡ ከነሐሴ 20 እስከ 30 አስር ቀን፣ ጳጉሜን አምስት ቀን፣ ከመስከረም ስድስት ቀን፣ ድምሩ 21። አቅራቢው በመልሱ 16 ቀን ብቻ ነው የዘገየነው ብሎ ተከራክሯል፣ ጳጉሜንን ዘለዋታል። ደመወዝ ስንከፍል ጳጉሜን ስለማትቆጠር ብዙ ሰው በዚያ ልማድ ይሄዳል፣ በውላችን ግን "ቀን" ማለት ማንኛውም የካላንደር ቀን ነው ተብሎ ተተርጉሟል። ደብዳቤው መስከረም 1 ቀን ወጥቶ ቢሆን ኖሮ በትክክለኛውም ቆጠራ 16 ቀን ብቻ ይሆንና ማስጠንቀቂያው ያለ ጊዜው የተሰጠ ይሆን ነበር።

ሌላው የተጠነቀቅንበት ነገር የመስከረም 5 ዙር ነው። መስከረም 5 እሁድ ነበር፣ ስለዚህ ማስረከቢያው ወደ መስከረም 6 ተሻግሯል፣ ማለትም ደብዳቤው በወጣበት ቀን ማታ ድረስ አቅራቢው ጊዜ አለው። ሕጉ በቁጥር 1773 ዕዳው ሳይደርስ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም ይላል። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ "ሁሉንም አንድ ላይ እንክተተው፣ ይከብዳል" አለኝ፣ እኔ ግን አወጣሁት። ያልደረሰ ዕዳ ውስጡ ካለ ሌላኛው ወገን መልስ ሲጽፍ የሚጀምረው ከዚያች ስህተት ነው፣ ሌላው ሁሉ ትክክል ቢሆንም ክርክሩ እዚያ ይውላል። የሐምሌዎቹን ሁለት ዙሮችም የማቋረጫ ምክንያት አላደረግናቸውም፣ ያለ ቅሬታ ተቀብለናቸዋላ። ለመቀጫ ስሌት ብቻ ተጠቀሱ። ዋናው ክፍል እንዲህ ይነበባል፡

"ጉዳዩ፡ ያልቀረበ ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀርብ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ። በመካከላችን መጋቢት 10 ቀን 2016 ዓ.ም. በተፈረመው የፕሪፎርም አቅርቦት ውል መሠረት ነሐሴ 6 ቀን 2016 ዓ.ም. መቅረብ ከነበረበት 600,000 ፍሬ ውስጥ 300,000 ፍሬው ጳጉሜን 2 ቀን በ26 ቀን መዘግየት የቀረበ ሲሆን ቀሪው 300,000 ፍሬ እስከ ዛሬ አልቀረበም። ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. መቅረብ የነበረበት 600,000 ፍሬም ሙሉ በሙሉ ሳይቀርብ 21 ቀን አልፎታል። ስለሆነም ቀሪውን 900,000 ፍሬ እስከ መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ በፋብሪካችን መጋዘን እንድታስረክቡ እያስጠነቀቅን፣ ይህ ካልተፈጸመ ከተጠቀሰው ቀንና ሰዓት በኋላ ርክክብ የማንቀበልና በውሉ መሠረት ውሉን የምናቋርጥ መሆኑን እናሳውቃለን። ይህ ማስጠንቀቂያ የመዘግየት መቀጫ የመጠየቅ መብታችንን አይነካም።"

"በአስቸኳይ" የሚል ቃል የለበትም፣ ቀንና ሰዓት ነው ያለው። "የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ" የሚልም የለበትም። አንዳንድ ድርጅት "የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ" ብሎ ሦስት ጊዜ ይጽፋል፣ አቅራቢውም ከሁለተኛው በኋላ አያነበውም፣ ዳኛም ፊት ሲቀርብ ገዢው ራሱ ቀኑን ከቁም ነገር እንዳልቆጠረው ማስረጃ ይሆናል። ብዛቱም ቁልጭ ብሎ መጻፍ አለበት፣ ምክንያቱም ያን ብዛት በዚያ ቀን አስገባ አላስገባም የሚለው ነው በኋላ የሚለካው።

ደብዳቤውን ሦስት መንገድ ነው የላክነው። በእጅ የወሰደው ሰራተኛ መዝገብ ክፍላቸው ግልባጩ ላይ ገቢ ማህተምና ቀን እንዲያደርጉለት ጠየቀ፣ ልጅቷ "አለቃዬ ሳያየው አልመታም" አለችው፣ እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ተናዶ ትቶ ይመጣል። እሱ ግን ትቶት አልመጣም፣ በፖስታ ቤት ኢኤምኤስ ላከውና ደረሰኙን ያዘ፣ ውሉ ላይ በተጻፈው ኢሜይልም ስካኑ ሄደ። በማግስቱ አለቃው ራሱ ደውሎ "ደብዳቤያችሁ ደርሶኛል፣ ምን አደረግናችሁ" አለ፣ ኢሜይሉንም መለሰበት። ያ መልስ ከማህተሙ አይተናነስም።

በ15ቱ ቀን ውስጥ እኛም ዝም ብለን አልተቀመጥንም። ፕሪፎርም እንደ ስኳር ከየትም አይገዛም። የአንገቷ ክር ከክዳኑ ጋር መግጠም አለበት፣ አንገቷ ሲለይ ክዳኑም የማሽኑ መያዣዎችም ይለያሉ። ግራሟም መሄድ አለበት፣ በአንድ ግራም ከቀለለች ጠርሙሱ ሲደረደር ይጨማደዳል፣ ከከበደችም ማሽኑ ውስጥ ያሉት የማሞቂያ መብራቶች እንደገና ይስተካከላሉ። ስለዚህ ውል ከማቋረጣችን በፊት ከሌላ አምራች ናሙና አስመጥተን የአንድ ፈረቃ ሙከራ ሮጠ፣ የነፊው ማሽን ቴክኒሻን ሙቀቱን እያነበበ አስተካከለ፣ የጠርሙሱ ታች ላይ የነበረው ነጭ ደመና ሲጠፋ ሪፖርቱን ፈረመ። አዲሱ ዋጋ 2 ብር ከ90 ሳንቲም ነበር። ይሄ ሥራ ሳያልቅ የማቋረጫ ደብዳቤ ቢወጣ ኖሮ እንደገና ወደ ድሮው አቅራቢ ሄዶ መለመን ይመጣ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ዋጋ የለውም። የግዥ ክፍሉ ስለዚህ ሙከራ ለማንም እንዳይናገር ተነግሮት ነበር፣ ትክክልም ነበር።

ከዚያ መስከረም 19 ከመስቀል ሁለት ቀን በኋላ አንድ አይሱዙ 150 ሺህ ፕሪፎርም ጭኖ በር ላይ ቆመ። ይሄ ነው የጉዳዩ ከባድ ቀን። ጥበቃው ደወለ፣ ስቶር ኪፐሩ "ልቀበል ወይስ ልመልስ" አለ። ብንመልሰው ቀነ ገደቡ ገና አልደረሰም፣ "ላቀርብ ስል በር ዘጋብኝ" ይላል፣ እውነትም አለው። ዝም ብለን ብንቀበለው ደግሞ "ተቀብለው ቀጠሉ፣ ማስጠንቀቂያውን ትተውታል" ይላል። ከ900 ሺህ ውስጥ 150 ሺህ ማምጣት ማስጠንቀቂያውን መፈጸም አይደለም፣ ግን ወረቀት ካልተናገረ ያ ልዩነት ይጠፋል። ስለዚህ ተቀበልን፣ ገቢ ደረሰኙ ላይና የአቅራቢው ዴሊቨሪ ኖት ላይ ሁለቱም ላይ በእጅ ተጻፈ፡ "ከነሐሴ 6 ዙር ከፊል ርክክብ፣ 150,000 ፍሬ። በመስከረም 6 ማስጠንቀቂያ የተገለጹት መብቶች እንደተጠበቁ ናቸው።" ሾፌሩ ፈረመ። በዚያው ቀን ማታ በኢሜይል አንድ አጭር ደብዳቤ ሄደ፣ 750 ሺህ ፍሬ እንደቀረና የመስከረም 21 ቀነ ገደብ እንዳልተለወጠ የሚገልጽ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስቶር ኪፐሩ ዘግይቶ የገባን ዕቃ ሁሉ የውሉን ቀንና የገባበትን ቀን ጎን ለጎን እየጻፈ ነው የሚፈርመው።

መስከረም 21፣ 11 ሰዓት ላይ ሌላ መኪና አልመጣም። የአቅራቢው አለቃ ግን ማምሻውን ለኛ ሥራ አስኪያጅ ደወለለት። "ጋሼ፣ ዶላር ገደለን እኮ፣ እርስዎ ራስዎ ነጋዴ ነዎት፣ ዋጋውን ሦስት ብር ያድርጉልኝና ነገውኑ እጭናለሁ" አለው። እዚህ ላይ ለሰውየው ማዘን ይገባል፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፣ ሪዚን በዶላር ነው የሚገዛው፣ በ2 ብር ማቅረብ ኪሳራ ሆኖበታል። ይሄን ሥራ አስኪያጁም ይረዳል። ግን ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ መዘግየቱ የጀመረው ሐምሌ 5 ነው፣ ምንዛሪው ከመለቀቁ 17 ቀን በፊት፣ ሐምሌ 11 ዕቃውን ሲያስረክብ ዶላር ገና አልተነካም። ሁለተኛ፣ ሕጉ በቁጥር 1764 ግዴታው ከታሰበው በላይ ስለከበደ ብቻ ውሉ አይለወጥም ይላል፣ በ1794 ደግሞ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር ካልተስማሙበት በቀር ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ተብሎ አይቆጠርም። ውሉ ላይ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ቢያስገባ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ፣ ሲፈርም ግን ዋጋው የጸና ነው የሚለውን ነው የፈረመው። ደግሞ የዋጋ ማስተካከያ በነሐሴ መጀመሪያ በደብዳቤ ቢጠይቅ ኖሮ በኔ ግምት ፋብሪካው የሆነ ነገር ይጨምርለት ነበር። እሱ ግን ዋጋ አልጠየቀም፣ ዕቃ ነው የያዘው። ሪዚኑን ከፍ ባለ ዋጋ ለሚገዙ ሌሎች ደንበኞች እየሠራበት እንደሆነ ከራሱ ሾፌር ሰምተናል፣ ግን በወሬ ክስ አይቆምምና ደብዳቤ ውስጥ አላስገባነውም።

የማቋረጫ ደብዳቤው መስከረም 24 ወጣ። ሦስቱን ቀን የወሰደው ስሌቱ ነው። አንድ ገጽ ተኩል ነው፣ አንድም የስድብ ወይ የሞራል ቃል የለበትም፣ "እምነታችንን አጎደላችሁ" ምናምን የሚል ረቂቅ ላይ ነበረ፣ ተሰረዘ። ዋናው ክፍሉ ይሄ ነው፡

"ጉዳዩ፡ የአቅርቦት ውል መቋረጡን ስለማሳወቅ። በመስከረም 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰጠናችሁ ማስጠንቀቂያ 900,000 ፍሬ ፕሪፎርም እስከ መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ እንድታስረክቡ ያሳወቅን ሲሆን በጊዜው የቀረበው 150,000 ፍሬ ብቻ ነው። ስለሆነም በውሉ የማቋረጥ አንቀጽ እንዲሁም በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1786 እና 1787 መሠረት ውሉ ከዛሬ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የተቋረጠ መሆኑን እናሳውቃለን። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ውል ስም የሚላክ ዕቃ አንቀበልም። ከቅድመ ክፍያው ያልተመለሰ 3,660,000 ብር በ7 ቀን ውስጥ እንድትመልሱ፣ የመዘግየት መቀጫ 143,100 ብር ከቀሪ ክፍያችሁ ላይ የሚቀነስ መሆኑን፣ ቀሪውን ዕቃ ከሌላ ስንገዛ የሚደርስብንን የዋጋ ልዩነት የመጠየቅ መብታችን የተጠበቀ መሆኑን እንገልጻለን። የስሌቱ ዝርዝር ከዚህ ጋር ተያይዟል።"

ቁጥር 1786 ውሉ ራሱ ለአንድ ወገን የማፍረስ መብት ሲሰጥ የሚሠራ ነው፣ 1787 ደግሞ በማስጠንቀቂያ የተሰጠው ጊዜ ሲያልፍ። ሁለቱ አንድ ላይ ስለገጠሙ ፍርድ ቤት ሄዶ አፍርሱልኝ ማለት አላስፈለገም። "ከዛሬ ጀምሮ የተቋረጠ" ነው የሚለው፣ "ለማቋረጥ እንገደዳለን" አይልም። እንገደዳለን የሚል ደብዳቤ ሌላ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ውሉ ገና አለ ማለት ነው። የፈረመውም ዋና ሥራ አስኪያጁ ነው፣ የግዥ ኃላፊው አይደለም፣ ምክንያቱም ውሉን የፈረመውና በንግድ መዝገብ ድርጅቱን የመወከል ሥልጣን ያለው እሱ ነው።

የ3.66 ሚሊዮኑ ስሌት ቀላል ነው፣ ስምንት ሙሉ ዙርና ከዘጠነኛው 450 ሺህ ፍሬ ገብቷል፣ ይህ ማለት 8.75 ዙር፣ በ240 ሺህ ሲባዛ 2.1 ሚሊዮን ተመልሷል፣ ከ5.76 ሲቀነስ ቀሪው ይመጣል። መቀጫውን ግን እያንዳንዱን ርክክብ ለየብቻ አድርገን ነው የሠራነው፣ የነሐሴ 6ቱ ዙር ብቻውን ሦስት ቁራጭ ሆኗል፡ 300 ሺህው 26 ቀን፣ 150 ሺህው 48 ቀን፣ ያልመጣው 150 ሺህ እስከ ማቋረጫው ቀን 53 ቀን። በደፈናው የተጻፈ መቀጫ አቅራቢው አንድ ቁጥር ካፈረሰበት ሌላውም ይጠረጠራል።

አሁን ወደ ባንኩ። የቅድመ ክፍያ ዋስትናው የሚያበቃበት ቀን መስከረም 30 ነበር፣ አቅራቢው ሲያስገባው የስድስት ወር አድርጎ ነበር፣ ውሉ ግን 12 ወር ነው፣ ማራዘሙን የሚከታተል ሰው አልነበረም። ይሄን ያየነው ፋይሉን ስንረከብ ነው፣ ማስጠንቀቂያው ከመስከረም 6 እንዳያልፍ ያቻኮለንም ይኼው ነው። ዋስትና ካለፈበት ባንኩ ያለ አንዳች ክርክር ነጻ ይወጣል፣ ጥፋቱ የማንም ቢሆን። የክፍያ ጥያቄው መስከረም 25 ቀን ቅዳሜ ጠዋት ዋስትናውን ላወጣው ቅርንጫፍ ገባ፣ የዋስትናው ቁጥር፣ መጠኑ፣ አቅራቢው ግዴታውን አለመፈጸሙ፣ ያልተመለሰው ሂሳብ ተጽፎ፣ ዋናው ዋስትና ተያይዞ። ዋስትናው ላይ "በመጀመሪያ የጽሑፍ ጥያቄ ያለ ቅድመ ሁኔታ እንከፍላለን" ይላል፣ ስለዚህ ከሚጠይቀው በላይ ማብራሪያ አልጨመርንም፣ ለባንክ ረጅም ታሪክ ስትጽፍለት የሕግ ክፍሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ያገኛል። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ "ደንበኛችንን እናናግረው፣ ሰኞ ተመለሱ" አለ። አናግሩት ግድ የለም፣ ግን ደብዳቤያችንን ዛሬ በገቢ ማህተም ተቀበሉን አልነው፣ ተቀበለ። የውል ማስከበሪያው 2.88 ሚሊዮን ጥያቄም በሳምንቱ ገባ።

አቅራቢው በጠበቃ መልስ ላከ። ሦስት ነገር ይላል፡ ጊዜ አራዝማችሁልን ነበር፣ መዘግየቱ 16 ቀን ነው፣ የዶላሩ ነገር ከአቅም በላይ ነው። ሦስቱንም ከላይ አይተናል፣ መልሳችንም በእያንዳንዱ ላይ የውሉን አንቀጽና የወረቀቱን ቀን ብቻ ነው የጠቀሰው። ባንኩ የቅድመ ክፍያውን ቀሪ ከፈለ፣ ከዚያ በኋላ የአቅራቢው ድምፅ ተለወጠ፣ ባንኩ ያን ገንዘብ ወዲያው በዕዳ መዝግቦበታላ።

የቀረው የዋጋ ልዩነት ነበር። ያልቀረበው 9.15 ሚሊዮን ፍሬ ነው፣ በ90 ሳንቲም ሲባዛ ከ8.2 ሚሊዮን ብር ያልፋል። ሥራ አስኪያጁ ሙሉውን በክስ እንጠይቅ አለ፣ ጠበቃው ግን ሁለት ነገር አሳየው፣ ያን ሁሉ ብዛት በ2.90 በእርግጥ እንደምንገዛ ገና ማስረጃ የለንም፣ የገዛነው የሦስት ዙር ብቻ ነው፣ እና ዋጋው ወደፊት ሊወርድም ሊወጣም ይችላል። በመጨረሻ በጽሑፍ ተስማሙ፡ አቅራቢው የውል ማስከበሪያው 2.88 ሚሊዮን ለገዢው መከፈሉን አይቃወምም፣ የመቀጫውንም ስሌት ይቀበላል፣ ገዢው ከዚያ በላይ ያለውን ልዩነት ይተዋል። እኔ ቢሆን ሁለት ወር ጠብቄ በእውነተኛ ግዥ ደረሰኝ የተደገፈውን ልዩነት እጠይቅ ነበር፣ ግን ፋብሪካው ክስ ላይ መቆየት አልፈለገም፣ ይሄም የራሱ ስሌት አለው።

ገዢውም ያለበትን ዕዳ ከፍሏል፣ ይሄን ብዙ ሰው ውል ሲቋረጥ የሚቀር ይመስለዋል። ለነሐሴ 6ቱ ዙር የገባው 450 ሺህ ፍሬ ዋጋው 900 ሺህ ብር ነው፣ የቅድመ ክፍያ ተመላሹ 180 ሺህ ሲነሳለት 720 ሺህ፣ መቀጫው 143,100 ሲቀነስ 576,900 ብር። ስምምነቱ በተፈረመ ቀን ቼኩ ለአቅራቢው ተሰጥቶ ደረሰኝ ተቆርጧል።